አንድ ክሬዲት ተርፎ፣ ግማሽ ነጥብ ጎድሎ፦ የአንዲት የባሕር ዳር ተማሪ አማካይ ውጤት ጉዳይ

ጉዳዩ እንዴት እንደመጣ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ሲቪ አስተካክላለሁ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ሠርቻለሁ። ይህን የሚያውቁ የሰፈር ልጆች ውጤት በወጣ ቁጥር የግሬድ ስሊፓቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ይቺ ጂፒኤ ትክክል ናት?"

አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። ደምሬ፣ አካፍዬ፣ አሳይቼ እሸኛለሁ። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የፈለግሁት ግን ሁለቱም ወገን ተሳስቶ ስላገኘሁት ነው። ተማሪዋም ተሳስታለች፣ ሬጅስትራሩም ተሳስቷል። የተሳሳቱት ደግሞ በተመሳሳይ ነገር ነው፤ በክሬዲት ሀወር።

ተማሪዋ በከተማው አንድ የግል ኮሌጅ የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ናት። ክፍያዋን የምትሸፍነው እናቷ ጣና ዳር አሳ ጠብሳ በመሸጥ ነው። ኮሌጁ አንድ ደንብ አለው። ጠቅላላ አማካዩ፣ ማለትም ሲጂፒኤው፣ 3.25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ሩቡ ይቀነስለታል። ለዚህ ቤት ሩቡ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የካቲት ላይ የሁለተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ውጤት ወጣ። ስሊፑ የሴሚስተሩን አማካይ 2.97፣ ጠቅላላውን 3.23 ይላል። እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ስታሰላ የሴሚስተሩ 3.17፣ ጠቅላላው 3.32 መጣላት። በእሷ ስሌት ቅናሹን አልፋ ሄዳለች። በስሊፑ ደግሞ በ0.02 ወድቃለች።

የእሷ ስሌት

ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ሥራዋ ንጹሕ ነው። እያንዳንዱን ግሬድ ወደ ነጥብ ቀይራለች፤ ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5። ከዚያ ስድስቱን ደመረች፤ 19 መጣ። ለስድስት አካፈለች፤ 3.17።

"ክሬዲቱስ?" አልኳት።

"እሱ ለክፍያ አይደል እንዴ?" አለችኝ።

አልሳቅሁም። የግል ኮሌጅ ተማሪ ክሬዲት ሀወር የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው ገንዘብ ቤት ነው። በክሬዲት ስንት ብር እንደሚከፍል ይነገረዋል፤ ያው ቁጥር ውጤቱንም እንደሚመዝን የሚነግረው የለም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ስሌቷ አንድ ጊዜ ሠርቶላታል። አንደኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር የወሰደቻቸው ስድስት ኮርሶች እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ነበሩ። ሁሉም እኩል ሲመዝን መመዘን አለመመዘኑ ለውጥ የለውም። ነጥቦቿ 20.5 ሆነው ለስድስት ሲካፈሉ 3.42 ሰጧት። ስሊፑም 3.42 አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን አመነችው። ስፖርቱ፣ ያው ፊዚካል ፊትነስ የሚባለው፣ አልፏል ወይም አላለፈም ተብሎ ብቻ ስለሚጻፍ አማካዩ ውስጥ አልገባም፤ እሱንም በትክክል ትታው ነበር።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ 2 ክሬዲት የሆኑ ኮርሶች ተቀላቀሉ። አንትሮፖሎጂና ሲቪክስ። ሁለቱንም ጥሩ ሠርታለች፤ ኤ እና ኤ ማይነስ። በእሷ ስሌት 3.38፣ በስሊፑ 3.31 መጣ። "ትንሽ ይቆርጣሉ ብዬ ተውኩት" አለችኝ። ልዩነቱ 0.07 ብቻ ስለነበር አላስጨነቃትም። ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ግን 0.20 ሆነ።

የአሳ ሂሳብ

በማግስቱ እናቷም አብራ መጣች። ልጇ ተበድላለች ብላ ተቆጥታ ነበር። ወንበር ሰጠኋትና ከግሬዱ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋት።

"እትዬ፣ ጠዋት ከአጥማጆቹ 8 ኪሎ ቆሮሶ በ200፣ 2 ኪሎ አምባዛ በ300 ብር ገዛሽ እንበል። ኪሎው በአማካይ ስንት ወጣብሽ?" ዋጋው ለምሳሌ ነው፤ የዕለቱን ገበያ አላውቅም።

"አስሩን ኪሎ ነው የምትለኝ?" ጣቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። "ሺህ ስድስት መቶና ስድስት መቶ፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። ሁለት መቶ ሃያ ነዋ።"

"ሁለት መቶ ሃምሳ አይሆንም? የሁለት መቶና የሦስት መቶ መሐል።"

"ኧረ ወዲያ! አምባዛው ሁለት ኪሎ ብቻ አይደል?"

ልጅቷ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። ከዚያ ደብተሯን አዙራ አየችው። ያኔ ገባት። ግሬዱ የኪሎው ዋጋ ነው። ክሬዲቱ ኪሎው ነው። እሷ ሁለት ኪሎውንና ስምንት ኪሎውን እኩል አድርጋ ነበር የቆጠረችው። ክሬዲትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም፤ ያገኘሁትም ከእኔ ሳይሆን ከእናትየዋ ጣቶች ነው።

ከዚያ የሦስተኛውን ሴሚስተር ኮርሶች ከምዝገባ ወረቀቷ ላይ አንድ በአንድ አወጣን።

| ኮርስ | ክሬዲት | ግሬድ | ነጥብ | ክሬዲት × ነጥብ |
|---|---|---|---|---|
| አካውንቲንግ | 4 | ሲ ፕላስ | 2.5 | 10 |
| ስታቲስቲክስ | 4 | ሲ ፕላስ | 2.5 | 10 |
| ማይክሮኢኮኖሚክስ | 3 | ሲ ፕላስ | 2.5 | 7.5 |
| ማኔጅመንት | 3 | ቢ ፕላስ | 3.5 | 10.5 |
| ቢዝነስ ኮሙኒኬሽን | 2 | ኤ | 4 | 8 |
| ኢንክሉሲቭነስ | 2 | ኤ | 4 | 8 |
| ድምር | 18 | | | 54 |

54 ለ18 ሲካፈል 3.00። ሠንጠረዡን ያየ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱ ኤዎቿ የተቀመጡት ቀላሎቹ ኮርሶች ላይ ነው። ከባዶቹ ላይ ሲ ፕላስ አላት። የእሷ ስሌት ኤዎቹን ከሚገባቸው በላይ አተለቀላት፤ ከ3.00 ወደ 3.17 የወሰዳት እሱ ነው።

በኤክሴል ለሚሠራ ሰው ቀመሩ አንድ መስመር ነው። ክሬዲቱ ቢ ዓምድ፣ ነጥቡ ሲ ዓምድ ላይ ካለ፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B7,C2:C7)/SUM(B2:B7)
```

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እንደ ስፖርት ያለውን አልፏል የሚባል ኮርስ ክሬዲት ሰጥተው ከዘረዘሩ፣ ነጥቡ ቦታ ላይ ፊደል ስላለ ላይኛው ድምር ዜሮ አድርጎ ያልፈዋል። ታችኛው ድምር ግን ክሬዲቱን ይቆጥረዋል። አማካዩ ያለ ምክንያት ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ኮርስ ከዝርዝሩ ማውጣት ነው።

ያልሠራው ማመልከቻ

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ማመልከቻ አስገብታ ነበር። "አማካይ ውጤቴ ሲሰላ ስህተት ስለተፈጠረ እንዲታይልኝ" ይላል። ስንት መሆን እንደነበረበት የለም። ከየት እንደመጣ የለም። በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ላይ "ታይቷል፤ ትክክል ነው" ተብሎ ተመለሰላት።

በዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጥሁበት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲመጣ ሠራተኛው የተማሪውን መዝገብ ይከፍታል። ኮምፒውተሩ ላይ 2.97 አለ። ስሊፑ ላይም 2.97 አለ። ተመሳሰለ፤ ተዘጋ። ኮምፒውተር ማካፈል አይሳሳትም። የሚሳሳተው እኛ የምንመግበው ቁጥር ነው፤ ያንን ደግሞ ሁለቱን 2.97 በማስተያየት ማግኘት አይቻልም።

2.97 ከየት መጣ?

አሁን የእኛ ስሌት 3.00 ነው፤ ስሊፑ 2.97። ክሬዲቱን መዝነን እንኳ አልገጠመም። መጀመሪያ እኔው የሠራሁትን ጠረጠርሁ። ደግሜ ደመርሁት፤ ያው ነው።

ከዚያ የስሊፑን ታች አየሁ። በደቃቅ ጽሑፍ የሴሚስተሩ ጠቅላላ ክሬዲት ተጽፏል፤ 19። የምዝገባ ወረቀቷ ደግሞ 18 ይላል። የከፈለችውም የ18 ነው። አንድ ክሬዲት ከየት መጣ?

ስሊፑ የእያንዳንዱን ኮርስ ክሬዲት አያሳይም፤ ኮርሱንና ግሬዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ግን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ግሬድ ነጥቦች ሁሉ በሩብ ሩብ ነው የሚሄዱት። ክሬዲት ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ነጥቡ ሁልጊዜ በሩብ የሚያልቅ ቁጥር መሆን አለበት። 2.97ን በ19 ሳበዛው 56.43 መጣ። ለዚህ የሚቀርቡት ሩቦች 56.25 እና 56.5 ናቸው። 56.25 ለ19 ሲካፈል 2.96 ይሆናል፤ አይደለም። 56.5 ለ19 ሲካፈል 2.97 ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ነጥብ 56.5 ነው።

የእኛ 54 ነው። ልዩነቱ 2.5።

እዚህ ላይ ልጅቷ ከእኔ ቀደመች። "አንዱ ክሬዲት ሁለት ነጥብ አምስት ይዞ ነው የመጣው" አለች። ልክ ነው። 2.5 ማለት ሲ ፕላስ ነው። ትርፉ ክሬዲት የተለጠፈው ሲ ፕላስ ካመጣችባቸው ኮርሶች በአንዱ ላይ ነው ማለት ነው። ስድስት የነበረው ተጠርጣሪ ሦስት ሆነ፤ አካውንቲንግ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ማይክሮኢኮኖሚክስ።

ይህ ዘዴ ሁልጊዜ እንዲህ ቁልጭ አያደርግም። ጠቅላላ ክሬዲቱ 19 አካባቢ ሲሆን አንድ ሩብ ነጥብ አማካዩን በ0.013 ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ሁለት አሃዝ ላይ ይታያል። የሦስት ሴሚስተር ጠቅላላ ላይ፣ 52 ክሬዲት ሲሆን፣ አንድ ሩብ የሚያንቀሳቅሰው 0.005 ገደማ ነው። ያኔ አንድ የተጠጋጋ አማካይ ከአንድ በላይ ድምር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ማስላት ያለበት ሰው ከሴሚስተሩ ይጀምር፤ ከጠቅላላው አይጀምር።

የሠራው ማመልከቻ

ሁለተኛውን ማመልከቻ አብረን ጻፍን። አንድ ገጽ ነው። ሠንጠረዡ አለበት። የምዝገባ ወረቀቱ ኮፒ ተያይዟል። ጥያቄው ስለ አማካዩ ሳይሆን ስለ ክሬዲቱ ነው፦ "የተመዘገብሁት በ18 ክሬዲት ሲሆን ስሊፑ 19 ይላል። ትርፉ አንድ ክሬዲት ከአካውንቲንግ፣ ከስታቲስቲክስ ወይም ከማይክሮኢኮኖሚክስ በአንዱ ላይ የተመዘገበ ስለሚመስል የሦስቱ ኮርሶች ክሬዲት ከካሪኩለሙ ጋር እንዲመሳከር እጠይቃለሁ።"

ክሶች የሉበትም። "ተበደልሁ" የለበትም። ሠራተኛው ማድረግ ያለበት ሦስት ቁጥር ማመሳከር ነው። ያንን ደግሞ ሻይ እየጠጣም ይሠራዋል።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። ማይክሮኢኮኖሚክስ ነበር። በድሮው ካሪኩለም 4 ክሬዲት ነበር፤ ሲከለስ 3 ሆኗል። ኮርሱን ኮምፒውተሩ ላይ የከፈተው ሰው የድሮውን ዝርዝር ተጠቅሟል። ሲስተካከል የሴሚስተሩ አማካይ 3.00፣ ጠቅላላው 3.24 ሆነ።

3.24። 3.25 አይደለም።

የክፍል ጓደኞቿ

ይህን ክፍል መዝለል አልፈልግም፤ ጉዳዩን ከአንድ ተማሪ ጉዳይነት ያወጣው እሱ ነው። ስህተቱ የተሠራው ኮርሱ ላይ እንጂ እሷ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሲታረም የሁሉም ታረመ። አንዳንዱ ከፍ አለ፣ አንዳንዱ ዝቅ አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ኮርስ ላይ ክሬዲት ሲጨመር አማካዩን ወደዚያ ኮርስ ግሬድ ይስበዋል። የእሷ ማይክሮ 2.5 ነበር፤ ከአማካይዋ በታች። ስለዚህ ትርፉ ክሬዲት ወደ ታች ሳባት። አንድ የክፍሏ ልጅ ግን ማይክሮ ላይ ኤ ነበረው። ለእሱ ትርፉ ክሬዲት በረከት ነበር። በ18 ክሬዲት 58.75 ነጥብ ስላለው እውነተኛው የሴሚስተሩ አማካይ 3.26 ነው። በስህተቱ ግን 62.75 ለ19 ተካፍሎ 3.30 ተጽፎለት ነበር። ሲታረም ወረደ። ደስ አላለውም። ለሁለት ሳምንት ያህል "አንቺ ነሽ ያስቀነስሽኝ" እያላት እንደነበር ነግራኛለች።

የኮርሱ ግሬድ ከአማካዩ ጋር እኩል የሆነ ተማሪ ደግሞ ምንም አይነካውም። አማካዩ 3.00 ሆኖ ማይክሮ ላይ ቢ ካለው፣ ክሬዲቱ 3 ሆነ 4 ለእሱ ያው 3.00 ነው። እንግዲህ የዚህ ዓይነት ስህተት ለዓመታት ሳይታይ የሚቆየው በዚህ ነው። የተጠቀመ አይናገርም፤ ያልተነካ አያውቅም፤ የተጎዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው ክሬዲቱን ሳይመዝን ስለሆነ ማስረጃ የለውም።

ግማሽ ነጥብ

ወደ 3.24 እንመለስ። የሦስቱ ሴሚስተር ነጥቦቿ 61.5፣ 53 እና 54 ናቸው፤ ድምሩ 168.5። ክሬዲቶቿ 18፣ 16 እና 18፤ ድምሩ 52። 3.25 ለመድረስ 3.25 ሲባዛ በ52፣ ማለትም 169 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። የጎደላት ግማሽ ነጥብ ነው።

"0.01 ጎደለኝ" ማለትና "ግማሽ ነጥብ ጎደለኝ" ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ያበሳጫል እንጂ ምን ማድረግ እንደሚቻል አይናገርም። ሁለተኛው ይናገራል። አንድ ኮርስ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ስንት ነጥብ እንደሚያመጣ ማስላት ይቻላል። ስታቲስቲክስ ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ማይነስ ቢወጣ 0.25 በ4 ተባዝቶ 1 ነጥብ ይሰጣል። ከበቂ በላይ ነው። በኮሌጁ ደንብ ቢ ማይነስ ከ65 ይጀምራል። የእሷ ስታቲስቲክስ 64 ነበር።

ስለዚህ የፈተና ወረቀቷ እንዲታይ ጠየቀች። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ አስቀምጦ አንድ በአንድ አሳያት። ድምሩ ትክክል ነበር። 64 እንደ 64 ቀረ። ተጨማሪ አንድ ማርክ ለመለመን አልሞከረችም። እኔም አልመከርኳትም።

የዚያን ሴሚስተር ቅናሽ አላገኘችም። ይህ ከሞከርነው ውስጥ ያልተሳካው ነው። እናትየው ክፍያውን ሞልታ ከፈለች።

ወደፊት ማስላት

የቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ 17 ክሬዲት ነበር፤ ሁለት ኮርሶች 4፣ ሦስት ኮርሶች 3 ክሬዲት። ጠቅላላው 69 ክሬዲት ይሆናል። 3.25 በ69 ሲባዛ 224.25 ነው። ያላት 168.5። የሚያስፈልጋት 55.75 ነጥብ ከ17 ክሬዲት ነው። ሲካፈል 3.28 ይመጣል።

3.28 ማለት ለተማሪ ብዙ አይናገርም። በግሬድ ስንተረጉመው ግን ሥዕሉ ተለወጠ። ሁለቱ ባለ 4 ክሬዲቶች እንደገና ሲ ፕላስ ቢሆኑ 20 ነጥብ ይሰጣሉ። የቀሩት ሦስት ኮርሶች 35.75 ማምጣት አለባቸው፤ የሦስቱ ጣሪያ ደግሞ 36 ነው። ሦስቱንም ኤ ማምጣት አለባት ማለት ነው። ሁለቱ ባለ 4ዎች ቢ ቢሆኑ ግን 24 ነጥብ ይሰጣሉ፤ የቀሩት 31.75 ይበቃቸዋል። ሁለት ቢ ፕላስና አንድ ኤ ማይነስ ያን ያልፋል።

የጥናት ሰዓቷን ያኔ ቀየረችው። ድሮ የምትወደውን ነበር የምታጠናው፤ የምትወደው ደግሞ ቀላሎቹን ነበር። አሁን ጠዋቱን፣ ጭንቅላቷ ትኩስ የሆነበትን ሰዓት፣ ለባለ 4ዎቹ ሰጠች።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ተማሪ የሚተላለፈው እንደ እኔ አስተያየት ጥቂት ነው። የመጀመሪያው፣ ስሊፕ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው አማካዩ ሳይሆን ጠቅላላ ክሬዲቱ ነው። እሱ ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ስህተት አለ፤ ምንም ስሌት አያስፈልግም። ለዚህ ሲባል የምዝገባ ወረቀት አይጣልም። ብዙዎች ከከፈሉ በኋላ ይጥሉታል።

ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ የሠራ ስሌት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ክሬዲቶቹ እኩል የሆኑበት ሴሚስተር የተሳሳተውንም ትክክል ያስመስላል። ስሌትን መፈተን ያለብን ክሬዲቶቹ በተለያዩበት ሴሚስተር ነው።

የሴሚስተሮችን አማካይ ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈልም የዚያው ስህተት ታናሽ ወንድም ነው። የልጅቷን 3.42፣ 3.31 እና 3.00 ደምረን ለሦስት ብናካፍል 3.24 ይመጣል፤ ገጠመ። የገጠመው ግን የሴሚስተሮቹ ክሬዲት ስለሚቀራረብ ነው። ክረምት ላይ 6 ክሬዲት ወስዳ 4.00 ብታመጣ፣ አራቱን አማካዮች ደምሮ ለአራት ማካፈል 3.43 ይሰጣታል። እውነተኛው 192.5 ለ58 ነው፤ 3.32። ስድስት ክሬዲት የአሥራ ስምንትን ያህል ድምፅ አይኖረውም።

ሦስተኛው ማመልከቻን ይመለከታል። የሚጠየቀው ነገር ጠባብ ይሁን። "ውጤቴ ይታይልኝ" የሚለው በሦስት ቀን ተዘጋ። "የሦስት ኮርስ ክሬዲት ይመሳከርልኝ" የሚለው የአንድ ክፍል ስህተት አወጣ። የምታቀርቡት እርማት እናንተን ሊያወርድ እንደሚችልም ከማስገባታችሁ በፊት አስሉ። የማይክሮ ግሬዷ ኤ ቢሆን ኖሮ ይህችው ማመልከቻ እሷኑ ታወርዳት ነበር። ያኔም ስህተት ስህተት ነው፤ ግን አውቆ መግባት ይሻላል።

ሐምሌ

የሴሚስተሩ ውጤት ሐምሌ ላይ ወጣ። ዝናብ ነበር፤ ስሊፑን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ባለ 4ዎቹ አንዱ ቢ፣ አንዱ ቢ ማይነስ። ሦስቱ ባለ 3ዎች ሁለት ኤ ማይነስና አንድ ቢ ፕላስ። 23 እና 33፤ 56 ነጥብ። ካስፈለጋት የበለጠችው በሩብ ነጥብ ብቻ ነው። ጠቅላላው 224.5 ለ69፣ 3.25።

እኔ አማካዩን ሳነብ እሷ ጣቷን ወደ ታች፣ ወደ ደቃቁ ጽሑፍ ወሰደች። "አሥራ ሰባት" አለች። ከቦርሳዋም የምዝገባ ወረቀቱን አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው።